ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት፦ የተፈረመ ፎቶ አነሣሥ፣ አላላክና አፈታተሽ

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎና በሰበታ ዳርቻ ቤት ከሚያስገነቡት መካከል ብዙዎቹ ሥራውን የሚከታተሉት በሚላክላቸው ፎቶ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ይኖራል ወይም መሀል ከተማ ሥራ ላይ ይውላል። ፎርማኑ ፎቶ ይልካል፣ ባለቤቱ ገንዘብ ይልካል፣ ግንባታው ይቀጥላል። ከእነዚህ ፎቶዎች ሁሉ ግን ከባዱ አንድ ነው፤ ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት የታሰረው ፌሮ ፎቶ። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ፌሮው ባለ ስንት እንደነበረና በስንት ሳንቲ ሜትር ርቀት እንደታሰረ በዓይን ማየት አይቻልም።

ፎቶ ሲነሣ ዲጂታል ፊርማ አብረው የሚያኖሩ ስልኮችና ካሜራዎች አሉ። አሠራሩ የይዘት ማረጋገጫ ይባላል፤ የሚከተለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ደግሞ ሲ2ፒኤ ነው። ችግሩ ሰዎች ስልኩን ገዝተው ይልካሉ፣ ፎቶው ይደርሳል፣ መፈተሻው «ፊርማ የለም» ይላል፤ ከዚያም ባለቤትና ፎርማን ይጣላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፊርማውን ያጠፋው ፎርማኑ አይደለም፤ ፎቶው የመጣበት መንገድ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ፊርማው ደህና ሆኖ ሳለ ፎቶው የጎረቤት ቤት የሆነበት ጊዜ ይኖራል። ይህ መመሪያ ሁለቱንም ስሕተት ለመከላከል የተጻፈ ነው።

ምሳሌያችን አንድ ነው። ባለቤቷ ውጭ አገር ናት፤ ቤቱ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ፎርማኑ በዕድሜ የሚበልጧት ሰው ናቸው። ፕላኑ ለሶሌታው ባለ 12 ፌሮ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ያዛል። ሙሌቱ ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ይጀመራል፤ ከዚያ በፊት ባለቤቷ ፎቶውን አይታ «ሙሉ» ማለት አለባት።

መጀመሪያ ይህን ያዙ፦ ፊርማው የሚናገረው ስለ ምንድን ነው?

ስልኩ ፎቶውን ሲያነሣ ከምስሉ ጋር በዚያው ፋይል ውስጥ አንድ የመረጃ ጥቅል ያስቀምጣል። ጥቅሉ ማኒፌስት ይባላል። በውስጡ ምስሉ በምን መሣሪያ፣ መቼና እንዴት እንደተገኘ ይጻፋል። ከዚህ ሌላ የፋይሉ አሻራ አለ፤ ይህም ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ ቁጥር ሲሆን ከይዘቱ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በመጨረሻም ስልኩ በውስጡ በተቆለፈ ሚስጥራዊ ቁልፍ ይህን ሁሉ ይፈርምበታል።

ስለዚህ ፊርማው ሲጸና ሁለት ነገር ታውቃላችሁ። አንደኛ፣ ፋይሉ ከተፈረመ ወዲህ አልተነካም። ሁለተኛ፣ የፈረመው ከፊርማው ጋር በተያያዘው ዲጂታል ሰርተፍኬት ላይ የተጻፈው አካል ነው፤ ለምሳሌ የዚያ ስልክ አምራች ካሜራ። ከዚህ በላይ የሚነግራችሁ የለም። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ፌሮው በፕላኑ መሠረት መታሰሩን፣ ፎቶ አንሺው ማን እንደሆነ ፊርማው አያውቅም። ካሜራው ፊት ለፊት የኮምፒውተር ስክሪን ቢቆም የስክሪኑን ምስል አንሥቶ በታማኝነት ይፈርምበታል።

ደረጃ 1፦ ስልኩን አዘጋጁ

1. የሚፈርም ስልክ መሆኑን አረጋግጡ። ጎግል ፒክስል 10 ከፋብሪካው በመጣው የካሜራ መተግበሪያ የሚነሡትን ፎቶዎች ይፈርማል። ከካሜራዎች ውስጥ ላይካ ኤም11-ፒ በ2023 እ.ኤ.አ. ከዚህ አሠራር ጋር የወጣ የመጀመሪያው ነው። የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ25 ሲወጣ ግን ምልክቱን ያደርግ የነበረው በሰው ሠራሽ አስተውሎት በተሠሩና በተነካኩ ምስሎች ላይ እንጂ በተራ ፎቶ ላይ አልነበረም። «ስልኩ ሲ2ፒኤ አለው» የሚል ሻጭ ብቻውን አይበቃችሁም፤ የምትፈልጉት ተራውን ፎቶ የሚፈርም ስልክ ነው።

2. ከፋብሪካው በመጣው ካሜራ ብቻ አንሡ። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ውስጥ ባለው ካሜራ የተነሣ ፎቶ አይፈረምም። ይህን ለፎርማኑ በቃል መንገር ብቻ ሳይሆን አንድ ጊዜ አብራችሁ ሞክሩት፤ ብዙ ሰው ውይይቱን ከፍቶ እዚያው ካሜራውን መጫን ለምዷል።

3. በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ የቦታ መረጃ መመዝገቢያውን አጥፉ። ይህ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ቦታው እንዲያውም ማስረጃ አይሆንም ወይ ይላሉ። ምክንያቱ ይህ ነው። አንድሮይድ የቦታ መረጃ የማየት ፈቃድ ለሌለው መተግበሪያ ፎቶውን ሲሰጥ ቦታውን ከፋይሉ ውስጥ ይሸፍነዋል። ያ ማለት ፋይሉ ከስልኩ ሳይወጣ ተለውጧል ማለት ነው፤ አሻራው ላይገጥም ይችላል። ማንም ሳያጭበረብር ፊርማው የተሰበረ ሆኖ ይደርሳችኋል። ስልክ የሚመዘግበው ቦታ ደግሞ በቀላል መተግበሪያ ሊዛባ ስለሚችል የምታጡት ማስረጃ ትንሽ ነው። ቦታውን በሌላ ዘዴ እናስይዘዋለን።

4. ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል አድርጉ። ሠራተኛው ሰዓቱን በእጁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶት ከሆነ የፎቶው ቀንና ሰዓት በ6 ሰዓት ይዛነፋል።

ደረጃ 2፦ ከሙሌቱ ቀን በፊት መንገዱን ሞክሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ሙሌት ቀን ሚክሰሩ ቆሞ፣ ሠራተኛው ተሰልፎ፣ ስለ ፋይል አላላክ ማስተማር አይቻልም። ሳምንት ቀደም ብሎ ፎርማኑ የብሎኬት ክምር ወይም ግድግዳ ያንሡና ለሙሌቱ ቀን በምትጠቀሙበት መንገድ ይላኩ። የደረሳችሁን ፋይል በደረጃ 5 በተገለጸው መሠረት ፈትሹ። ፊርማው ከጸና መንገዱ ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ አትለውጡት። ካልጸና አሁኑኑ አስተካክሉ።

ሙከራው ሌላም ጥቅም አለው። በሙሌቱ ቀን አንድ ፎቶ ያለ ፊርማ ቢመጣ «መንገዱ ነው ያጠፋው» የሚለው ምክንያት አስቀድሞ ተፈትኗል። ያኔ ጥያቄያችሁ መሠረት ይኖረዋል።

ደረጃ 3፦ ፎቶውን አንሡ

ፊርማው ያላወቀውን ነገር ምስሉ ራሱ እንዲናገር አድርጉ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

1. ጠዋት ላይ ባለቤቷ አንድ ቃል ወይም ቁጥር ለፎርማኑ ትላክላቸው። ፎርማኑ በወረቀት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ይጻፉት። ቃሉ የተላከው ዕለቱን ስለሆነ፣ ወረቀቱ የሚታይበት ፎቶ ትናንት ወይም ባለፈው ወር የተነሣ ሊሆን አይችልም።

2. የመጀመሪያው ፎቶ ሰፊ ይሁን። ሶሌታው ሙሉ በሙሉ፣ የጎረቤቱ ቤት፣ የመንገዱ ምሰሶ፣ ወረቀቱም በአንድ ላይ ይታዩ። ቦታውን የሚያስይዘው ይህ ነው። በቱሉ ዲምቱ በአንድ ቅያስ ላይ ሦስት ቤት በአንድ ሳምንት ሶሌታ ሊሞላ ይችላል፤ ከቅርብ የተነሣ ፌሮ ሁሉ ይመሳሰላል።

3. ከዚያ ወረቀቱ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ወደ ፌሮው ቀረብ በሉ። ሜትሩን በፌሮዎቹ ላይ በአግድም ዘርጉ። ዜሮው በአንዱ ፌሮ መሀል ላይ ይሁንና ቀጣዮቹ 15፣ 30፣ 45 ላይ ሲያርፉ ይታይ። አንድ ክፍተት ብቻ አትለኩ፤ አንዱን ማጥበብ ቀላል ነው። የፌሮው ውፍረትም እንዲታይ መለኪያው አጠገቡ ይቀመጥ።

4. ከሥር ፌሮውን ከጣውላው ያነሡትን የሲሚንቶ ድጋፎች በጎን አንሡ። ፌሮው ጣውላው ላይ ተኝቶ ከሆነ አርማታው ከሥር አይሸፍነውም፤ ኋላ ይዝጋል። ፎርማኖች ይህን ፎቶ ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

5. ከላይ እስከ ታች ያለው ሥራ ሁሉ በአንድ ዙር፣ በደቂቃዎች ልዩነት ይነሣ። የፎቶዎቹ ሰዓት ተከታታይ ሲሆን ሰፊውን ፎቶና የቅርቡን ፎቶ አንድ ላይ ያስተሳስራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከተነሣ በኋላ ምንም አትንኩ። ምስሉን አታብሩ፣ አትቁረጡ፣ ቀስት አትሣሉ፣ አታዙሩ። አሠራሩን የሚያውቅ ማስተካከያ መተግበሪያ ለውጡን መዝግቦ አዲስ ፊርማ ይጨምራል፤ የማያውቀው ግን ፊርማውን ይጥለዋል ወይም አሮጌውን ፊርማ አዲስ ምስል ላይ ትቶት ይሰበራል። ማብራሪያ ካስፈለገ በጽሑፍ ወይም በድምፅ ለብቻው ይላክ።

ደረጃ 4፦ ፋይሉን እንጂ ምስሉን አትላኩ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልኩ ያሳንሱታል፤ ማለትም ምስሉን እንደ አዲስ ይሠሩትና ማኒፌስቱን ይጥሉታል። በዋትስአፕ ላይ HD የሚለውን መምረጥም አያድንም፤ ጥራቱ ከፍ ይላል እንጂ ፋይሉ ያው እንደ አዲስ የተሠራ ነው።

በቴሌግራም የማያያዣ ምልክቱን ተጭናችሁ File የሚለውን ምረጡ፤ በዋትስአፕ ደግሞ Document የሚለውን። በኢሜይል አባሪ አድርጎ መላክ ወይም በፍላሽ መስጠትም ይሆናል። የስክሪን ቅጂ በፍጹም አይሁን፤ እርሱ የስልኩ ስክሪን ሥዕል ነው እንጂ ያ ፎቶ አይደለም።

ትክክል መላኩን ሳትፈትሹ በዓይን የምታውቁበት ምልክት አለ። በፒክስል የተነሣ ፎቶ ስሙ እንዲህ ይመስላል፦

```
PXL_20251115_060412345.jpg
```

መጠኑም በሜጋ ባይት ይቆጠራል። የደረሳችሁ ፋይል ስሙ photo ብሎ የሚጀምርና ጥቂት መቶ ኪሎ ባይት ብቻ ከሆነ እንደ ፎቶ ተልኳል ማለት ነው። ለመፈተሽ አትድከሙ፤ «ጋሼ፣ እባክዎ እንደ ፋይል ደግመው ይላኩልኝ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

በዚህ ስም ላይ ያለው ሰዓት ብዙ ጠብ ያስነሣል። 060412 ማለት 6 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው፤ ግን ሰዓቱ የግሪንዊች ነው። አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም 9፡04 ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከጠዋቱ 3፡04። በፊርማው ውስጥ የሚጻፈው ሰዓትም መጨረሻው ላይ Z ወይም +00:00 ካለው እንዲሁ የግሪንዊች ነው። ፎርማኑ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አነሣሁ» ካሉና ፋይሉ 06 ካለ ልክ ናቸው።

ደረጃ 5፦ ፈትሹ

ቀላሉ መንገድ ፋይሉን በኮምፒውተር ላይ አውርዶ contentcredentials.org/verify ላይ መክፈት ነው። ገጹ ፊርማው መኖሩን፣ ማን እንደፈረመና ምን እንደተደረገ ያሳያል።

ዝርዝሩን ማየት የሚፈልግ c2patool የተባለውን ነጻ መሣሪያ ከጊትሃብ አውርዶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያስኪደው። ፎቶውን ወደ የትም ሳይልክ ይሠራል።

```
c2patool PXL_20251115_060412345.jpg
```

የሚወጣው ጽሑፍ ረጅም ነው፤ ሁሉን ለማንበብ አትሞክሩ። ሦስት ነገር ፈልጉ። መጀመሪያ ፈራሚውን፣ ይህም signature_info በሚለው ሥር ይገኛል። ቀጥሎ የምስሉ ታሪክ በምን እንደሚጀምር እዩ፤ c2pa.created የሚል ድርጊትና አጠገቡ መጨረሻው Capture የሚል የምንጭ ዓይነት ካለ ታሪኩ ከካሜራ ይጀምራል። trainedAlgorithmicMedia ካለ ግን ምስሉን የፈጠረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በመጨረሻ validation የሚሉትን መስመሮችና ከሥራቸው ያሉትን የስሕተት ቃላት ተመልከቱ።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን በትክክል አንብቡ

በዚህ ላይ ብዙ ሰው «አለ» እና «የለም» ብቻ ነው የሚያየው። ውጤቱ ግን አራት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ከተምታታ ወይ ንጹሑን ሰው ትከሳላችሁ ወይ አታላዩን ታምናላችሁ።

*ፊርማው ጸንቷል፣ ፈራሚውም የታወቀ ነው።* ፋይሉ አልተነካም፤ ከካሜራ ወጥቷል። አሁን ወደ ምስሉ ተመለሱ። ወረቀቱ ላይ የዛሬው ቃል አለ? ጎረቤቱ ቤት ያው ነው? ሜትሩ ምን ይላል? የፒክስል ፊርማ የአንድን ስልክ ማንነት ሆን ብሎ ይሸሽጋል፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ የተለየ ቁልፍ ስለሚጠቀም ሁለት ፎቶዎች ከአንድ ስልክ ይውጡ ከሁለት ስልክ በፊርማው መለየት አይቻልም። ለፎቶ አንሺው ደኅንነት የተደረገ መልካም ነገር ነው፤ ግን የእናንተ ስልክ መሆኑን አያረጋግጥም። ወረቀቱን ያስፈለገንም ለዚህ ነው።

*ፊርማው ጸንቷል፣ ፈራሚው ግን አልታወቀም።* መሣሪያው እንዲህ ይላል፦

```
signingCredential.untrusted
```

ይህ «ሐሰት» ማለት አይደለም። ፋይሉ ከተፈረመ ወዲህ አልተለወጠም፤ ነገር ግን መፈተሻው በያዘው የታመኑ ፈራሚዎች ዝርዝር ውስጥ ይህ ፈራሚ የለም። ዝርዝር ያልተሰጠው c2patool ለታወቀ ፈራሚም ይህን ሊጽፍ ይችላል፤ ስለዚህ በገጹም ደግማችሁ እዩ። በሁለቱም ካልታወቀ የፊርማው ዋጋ ዝቅተኛ ነው። ማንም ሰው የራሱን ሰርተፍኬት ሠርቶ ከኢንተርኔት ያገኘውን ፎቶ ሊፈርምበት ይችላል፤ የቀበሌ የሚመስል ማኅተም ማስቀረጽ እንደሚቻለው ማለት ነው። ታሪኩ ከካሜራ መጀመሩን የሚለውን ቃልም የጻፈው ያው ያልታወቀ ፈራሚ ስለሆነ አትመኩበት።

*ፊርማው አለ፣ ግን ተሰብሯል።*

```
assertion.dataHash.mismatch
```

ይህ ማለት ፋይሉ ከተፈረመ በኋላ ተለውጧል። ምን እንደተለወጠ ግን አይነግራችሁም። ፌሮ የተጨመረበት ፎቶም፣ ቦታው ብቻ የተሸፈነበት ፎቶም፣ አንድ ጊዜ የዞረ ፎቶም ይህንኑ ቃል ይሰጣሉ። በምሳሌያችን ከተላኩት ፎቶዎች የድጋፎቹ ፎቶ እንዲህ ሆኖ ደረሰ። ባለቤቷ ደነገጠች፤ ግን ከመክሰስ በፊት ጠየቀች። ፎርማኑ «እህቴ፣ ፎቶው ጨለማ ስለሆነብኝ ነው በስልኩ ያበራሁት» አሉ። መልሱ እውነት መሆኑን ማወቂያው ቀላል ነው፤ ያልተነካው የመጀመሪያ ፋይል ስልኩ ላይ ካለ ይላክ። ካለና ፊርማው ከጸና ጉዳዩ አለቀ። ከሌለ፣ ፌሮው ገና ክፍት ስለሆነ እንደገና ይነሣ።

*ምንም ፊርማ የለም።*

```
No claim found
```

ከአራቱ በጣም የሚደጋገመውና በጣም በስሕተት የሚነበበው ይህ ነው፤ ስለዚህ ለብቻው እናየዋለን።

ደረጃ 7፦ ፊርማው ተገፎ ሲመጣ

በዓለም ላይ ካሉ ፎቶዎች አብዛኞቹ ተፈርመው አያውቁም፤ ከተፈረሙትም ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ፊርማቸውን ያጣሉ። ስለዚህ ፊርማ አለመኖሩ ስለ ምስሉ እውነትነት አንዳች አይናገርም፤ ለሐሰትም ለእውነትም። ማስረጃ አጣችሁ እንጂ ተቃራኒ ማስረጃ አላገኛችሁም።

ይህ በሌላኛው ወገንም ይሠራል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል የሠሪውን ምልክት ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ አንድ የስክሪን ቅጂ ግን ምልክቱን ያስቀረዋል። «ሰው ሠራሽ ነው የሚል ምልክት ስለሌለው እውነተኛ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትቀበሉት።

ታዲያ ፊርማ መገፈፉ ትርጉም የሚኖረው መቼ ነው? አስቀድማችሁ የሞከራችሁት መንገድ ሲኖርና ልዩነቱ መራጭ ሲሆን ነው። ሰፊው ፎቶ ጸንቶ መጣ፤ የድጋፎቹ ጸንቶ መጣ፤ በሜትር የተለካው ፌሮ ፎቶ ብቻ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ስልክ፣ በዚያው መንገድ ያለ ፊርማ መጣ እንበል። ይህ ማታለል ነው ብላችሁ መደምደም አትችሉም፤ መጠየቅ ግን ይገባችኋል። እንዲህ ተከታተሉት፦

1. የፋይሉን ስምና መጠን እዩ። ስሙ ከተለወጠና መጠኑ ካነሰ እንደ ፎቶ ተልኳል፤ እንደ ፋይል ይደገም።

2. ስሙ PXL ሆኖ መጠኑ ከሌሎቹ በእጅጉ ከተለየ ማስተካከያ መተግበሪያ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ኦሪጅናሉን ጠይቁ።

3. ኦሪጅናሉ «ጠፍቷል» ከተባለ አትከራከሩ። አዲስ ቃል ላኩ፤ አዲስ ወረቀት ተጽፎ እዚያው ቦታ ላይ ሜትሩ ተዘርግቶ ይነሣ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

4. ድጋሚ ፎቶው ካልመጣና «ሚክሰሩ ደርሷል፣ እንሙላ» የሚል መልስ ብቻ ከመጣ፣ ችግሩ የፊርማ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ሙሌቱ ይቁም፤ የምታምኑት ሰው ወይም የምሕንድስና ባለሙያ ቦታው ላይ ሄዶ ይይ።

ፊርማ ሲገፈፍ ሁልጊዜ መጥፎ ዓላማ አለ ብላችሁም አታስቡ። ሰው ቤቱ የት እንደሆነ፣ መቼ እዚያ እንደነበረ እንዳይታወቅበት ፎቶውን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት መረጃውን ሆን ብሎ ሊያራግፍ ይችላል፤ መብቱም ነው። እናንተም የግንባታችሁን ፎቶ ለሌሎች የምታጋሩ ከሆነ መተግበሪያው ያሳነሰውን ቅጂ አጋሩ፤ ኦሪጅናሉ በእጃችሁ ይቆይ።

ፊርማው ራሱ ሲሳሳት

የጸና ፊርማም ከካሜራው አሠራር አይበልጥም። በ2025 እ.ኤ.አ. የኒኮን ዜድ6-3 ካሜራ ሁለት ምስል በሚደርብበት አሠራሩ በኩል ራሱ ያላነሣውን ምስል እንዲፈርም ማድረግ እንደሚቻል ታወቀ። ኩባንያው አገልግሎቱን አቋርጦ የሰጣቸውን ሰርተፍኬቶች ሰረዘ። ፊርማው በሒሳብ ረገድ ልክ ነበር፤ ካሜራው ግን መፈረም የማይገባውን ፈርሟል። ስለዚህ የፈተሻችሁት ውጤት «ሰርተፍኬቱ ተሰርዟል» ካለ ፎቶውን እንዳልተፈረመ ቁጠሩት፤ በዚያ ካሜራ ቀድሞ የተነሡትንም ደግማችሁ ፈትሹ።

ከሙሌቱ በኋላ

ፎቶዎቹን ከውይይቱ ውስጥ ብቻ አትተዉ። ፋይሎቹን አውርዳችሁ ስማቸውን ሳትለውጡ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ፍላሽ ይሁን። ወደ ስልክ የሥዕል ማኅደር ብቻ ካስገባችኋቸው፣ ማኅደሩ ቦታ ለመቆጠብ ሊያሳንሳቸው ይችላል። ካስቀመጣችሁ በኋላ ከተቀመጠበት ቅጂ አንዱን እንደገና ፈትሹ።

ለሚቀጥለው ወለል ውል ስትጽፉ አንድ አንቀጽ አስገቡ፤ «ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት በዕለቱ በተላከ ቃል የታጀቡ፣ ያልተነኩ የፎቶ ፋይሎች ለባለቤቷ ደርሰው በጽሑፍ እስክትፈቅድ ሙሌት አይጀመርም»። ፎርማኑ ውሉን ከመፈረማቸው በፊት ሙከራውን በደረጃ 2 እንደተገለጸው አብረው ያድርጉ፤ የማይቻል ነገር እንዳልጠየቃችኋቸው ያኔ ያዩታል። ሶሌታው ሳይፈተሽ ከተሞላና ጥርጣሬ ካለ ግን ከእንግዲህ ፎቶ አይረዳችሁም። ፌሮን በአርማታ ውስጥ የሚያነብ መለኪያ ያለው ባለሙያ ቀጥራችሁ ርቀቱን በራሱ በሶሌታው ላይ አስለኩ።